ስንት ሲኒ? በጨፋ ሮቢት የጀበና ቡና ለመክፈት የሚያስበው ቤተሰብ ሂሳብ

እህትዎ ከጨፋ ሮቢት ደወለች እንበል። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ቤት እንዳገኘች፣ አከራዩ ሌላ ሰው ሳይመጣ ቶሎ እንድትወስን እንደጠየቃት፣ የጀበና ቡና ልትከፍት እንዳሰበች ነገረችዎት። ቤተሰቡ ከዕቁብና ከቁጠባ ያጠራቀመው 200,000 ብር አለ። ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም፣ ለክፉ ቀንም የታሰበ ነው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይሄ ብር ተመልሶ ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቤቱ ማማርም ሆነ የእህትዎ የቡና አፈላል ሙያ አይደለም። መልሱ በቀን በሚሸጠው ሲኒ ብዛት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ቁጥር አብረን እናወጣለን። የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድናቸው ናቸው። እርስዎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው በየቦታው የሰፈሩን ዋጋ ይተኩ፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

አንድ ነገር ከመጀመራችን በፊት እንግባባ። በአማርኛ «ቡና ቤት» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት መጠጥ ቤት ነው። እኛ የምናወራው ረከቦትና ጀበና፣ በርጩማና ዕጣን ስላለበት፣ ከሻይና ከቡና ሌላ መጠጥ ስለማይቀርብበት ትንሽ ቤት ነው። ሂሳቡ እንዳይወሳሰብ ሻዩንም ለጊዜው እንተወውና ቡናውን ብቻ እንቁጠር።

አንድ ሲኒ ምን ያተርፋል?

ከትንሹ እንጀምር። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል። መካከለኛ አቆላል ከሆነ ከኪሎው ወደ 830 ግራም ገደማ ይቀራል። ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ያህል ከተጠቀሙ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 100 ሲኒ ያህል ይወጣዋል። ይህን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥሬው ቡና በኪሎ 700 ብር ቢገዛ የአንዱ ሲኒ ቡና 7 ብር ነው። ስኳሩ በኪሎ 150 ብር ሆኖ በሲኒ 10 ግራም ቢገባ 1 ብር ከ50 ይሆናል። ከሰሉን 1 ብር ከ50፣ ውሃ፣ ዕጣንና ሳሙናውን 1 ብር እንበል። ድምሩ 11 ብር ነው። ሲኒው በ20 ብር ከተሸጠ እህትዎ እጅ ላይ 9 ብር ይቀራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «በሲኒ 9 ብር ትርፍ» ይላል። ትርፍ ግን ገና አይደለም። ይህ 9 ብር ቡና ተሸጠም አልተሸጠም ወር ሲደርስ የሚመጡትን ወጪዎች የሚከፍል ገንዘብ ነው።

ወር ሲደርስ የሚጠብቁ ወጪዎች

እነዚህን ቋሚ ወጪዎች እንላቸዋለን። ለዚህች ቤት የቤት ኪራይ 5,000 ብር፣ የአንዲት ረዳት ደመወዝ 4,000 ብር፣ መብራትና የውሃ ቆጣሪ 800 ብር፣ ለግብርና ለፈቃድ እድሳት በየወሩ የሚቀመጥ 500 ብር፣ የተሰበረ ሲኒና ጀበና መተኪያ 700 ብር፣ ለዕቃ እርጅና የሚቆጠብ 1,000 ብር እንመድብ። እስካሁን 12,000 ብር ሆነ።

የቀረው የእህትዎ የራሷ ደመወዝ ነው። ቤተሰብ ውስጥ በሚሠራ ንግድ ይህ ወጪ ሁልጊዜ ይዘለላል። «የራሷ ቤት ነው፣ ለራሷ ምን ትከፍላለች?» ይባላል። ነገር ግን እሷም ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ ልጅ ታስተምራለች። ደመወዝ ካልተመደበላት ከመሳቢያው እየቆነጠረች ትወስዳለች፤ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ስለዚህ 6,000 ብር ይመደብላት። አሁን የወሩ ቋሚ ወጪ 18,000 ብር ሆነ።

ቀጥሎ ያለው ማካፈል ብቻ ነው። 18,000ን ለ9 ስናካፍል 2,000 ሲኒ ይመጣል። በወር 26 ቀን ከተሠራ በቀን 77 ሲኒ ማለት ነው። ገቢና ወጪ የሚተካከሉት እዚህ ላይ ነው። ከ77 በታች በተሸጠበት ቀን ቤቱ የቤተሰቡን ቁጠባ እየበላ ነው፤ ከ77 በላይ ያለው እያንዳንዱ ሲኒ ደግሞ 9 ብር እውነተኛ ትርፍ ያመጣል።

የእህትዎን ደመወዝ ረስተው ቢሆን ኖሮ መልሱ 51 ሲኒ ይሆን ነበር። በ51ና በ77 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ትንንሽ ንግዶች ደንበኛ እያላቸው የሚዘጉበት ቦታ ነው። ቤቱ ሰው አያጣም፣ ባለቤቷ ግን በነፃ ትሠራለች፤ አንድ ቀን ይደክማትና ትተወዋለች።

ስንት በርጩማ?

ብዙዎቻችን የመቀመጫውን ብዛት የምንወስነው በክፍሉ ስፋት ነው፤ እስኪሞላ ድረስ እንደረድራለን። ትክክለኛው መነሻ ግን ቤቱ በጣም የሚበዛበት አንድ ሰዓት ነው።

እህትዎ በቀን 100 ሲኒ ለመሸጥ ታስባለች እንበል። ሽያጩ በቀኑ ላይ እኩል አይበተንም። ጠዋት ሥራ ሳይገባ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ይበዛል። በበዛው አንድ ሰዓት ከቀኑ ሽያጭ ሩብ ያህሉ፣ ማለትም 24 ሲኒ ይጠጣል ብለን እንውሰድ። አንድ ሰው አንድ ሲኒ ለመጠጣትና ለመጨዋወት ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ፣ አንድ በርጩማ በሰዓት ሁለት ሰው ያስተናግዳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 12 ሰው ይቀመጣል ማለት ነው።

ይሁንና 12 በርጩማ አይበቃም። ሰው ሁለትና ሦስት ሆኖ ይመጣል፤ ሦስት ጓደኛሞች በተቀመጡበት አራተኛው በርጩማ ባዶ ቢሆንም የማያውቃቸው ሰው መሀላቸው ገብቶ አይቀመጥም። በተግባር ከአራት መቀመጫ ሦስቱ ከተያዙ ቤቱ ሞልቷል። ስለዚህ 12 ሰው ለማስቀመጥ 16 በርጩማ ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው ከመተላለፊያው ጋር አንድ ካሬ ሜትር፣ ለረከቦቱና ለከሰሉ አራት ካሬ ሜትር ብንይዝ 20 ካሬ ሜትር ይመጣል። 4 በ5 የሆነች ክፍል ይበቃታል። አከራዩ «ከጎኗ ያለችውንም ጨምረሽ ውሰጃት» ቢላት፣ ተጨማሪው ኪራይ ስንት ሲኒ እንደሚጠይቅ ታስላው። በወር 4,500 ብር ቢጨምር በወር 500 ሲኒ፣ በቀን ወደ 19 ሲኒ ተጨማሪ ሽያጭ ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የመቀመጫ ጊዜ ነው። ያው ደንበኛ በአንድ ሲኒ ሙሉ ሰዓት ከተቀመጠ፣ ለተመሳሳይ ሽያጭ 32 በርጩማ ያስፈልጋል። በዚያው ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ ሲኒ ካዘዘ ግን 16ቱ ይበቃሉ። በቤታችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ከአንድ ድቁስ ሦስት ጊዜ እናፈላለን፤ ማንም አይቸኩልም። የሚሸጥ ቡና ግን እያንዳንዱ ሲኒ አቦል ካልሆነ ደንበኛው ሁለተኛ አያዝም።

አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው ቶሞካ ይህን በሌላ መንገድ ፈትቶታል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ይህ ቤት ደንበኞቹ ረዣዥም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመው በመጠጣት ይታወቃል። ቆሞ የሚጠጣ ሰው ቶሎ ይጠጣል፣ ቦታም ትንሽ ይይዛል። ጨፋ ሮቢት ውስጥ ሰው በጀበና ቡና ላይ ቆሞ ይጠጣ ማለት አይቻልም፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል። በርጩማ ከባለመደገፊያ ወንበር የሚሻለው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዝቅ ያለና መደገፊያ የሌለው ስለሆነ ሰው ጨዋታውን ጨርሶ ይነሳል። ባለፍራሽ ሶፋ ከገባ ግን የመቀመጫ ጊዜው ይረዝማል፣ ሂሳቡም አብሮ ይለወጣል።

ጀበናውንም አትርሱት። 12 ሲኒ የሚይዝ ጀበና ከሰል ላይ እስኪፈላና እስኪሰክን 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአንድ ጀበና ብቻ 24 ሲኒ በሰዓት ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ እየተቀዳ ሌላው እየፈላ ካልሆነ ደንበኛው ቆይቶ ይሄዳል። ሁለት ጀበና በሥራ ላይ፣ ሁለት ደግሞ መጠባበቂያ ይኑራት። ሲኒው ደግሞ እየታጠበ ስለሚመለስ የመቀመጫው ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 48 ቢሆን ጥሩ ነው።

200,000 ብሩ የት ይሄዳል?

አሁን የመነሻውን ገንዘብ እንደልድል።

የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ 30,000 ብር
ቀለም፣ ወለል፣ መብራት፣ የደጅ ጥላና የእጅ መታጠቢያ 35,000 ብር
16 በርጩማና ትንንሽ ጠረጴዛዎች 15,000 ብር
ረከቦት፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ምድጃና መቁያ 12,000 ብር
የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ 18,000 ብር
የውሃ ሮቶና ማስቀመጫዎች 10,000 ብር
ምዝገባ፣ ፈቃድና የማስታወቂያ ሰሌዳ 6,000 ብር
የመጀመሪያ ቡና፣ ስኳርና ከሰል 20,000 ብር

ድምሩ 146,000 ብር ነው። የቀረው 54,000 ብር ትርፍ ሆኖ የተረፈ እንዳይመስልዎት። የሦስት ወር ቋሚ ወጪ ነው፤ በባንክ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው። ቤቱን ለማሳመር፣ ቴሌቪዥን ለመስቀል፣ ለምርቃት ድግስ መነካት የሚጀምረው ይህ ብር ነው፤ ቤቱን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያቆመውም እሱ ነው።

ለምን? ደንበኛ በአንድ ቀን አይሰበሰብም። በመጀመሪያው ወር በቀን 35፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛው 65 ሲኒ ተሸጠ እንበል። የመጀመሪያው ወር ኪሳራ 9,810 ብር፣ የሁለተኛው 6,300 ብር፣ የሦስተኛው 2,790 ብር ይሆናል። በአራተኛው ወር 80 ሲኒ ሲደርስ ነው ቤቱ 720 ብር የሚያተርፈው። እስከዚያ 18,900 ብር ከመጠባበቂያው ወጥቷል። መጠባበቂያ የሌለው ቤተሰብ በሁለተኛው ወር ይበደራል ወይም ይዘጋል፤ ሁለት ወር ቢታገስ ኖሮ ግን ቤቱ በራሱ መቆም ይችል ነበር።

ብሩ መቼ ይመለሳል? በቀን 100 ሲኒ ከተሸጠ ወርኃዊ ትርፉ 5,400 ብር ነው፤ 146,000 ብሩን ለመመለስ 27 ወር ይፈጃል። 120 ሲኒ ከሆነ ግን ትርፉ 10,080 ብር ይደርሳል፤ መመለሻውም ወደ 15 ወር ያጥራል። ሽያጩ በአንድ አምስተኛ ሲያድግ ትርፉ ወደ እጥፍ የተጠጋው ቋሚው ወጪ አስቀድሞ ስለተከፈለ ነው።

የጨፋ ሮቢት የራሱ ነገር

ሂሳቡ የትም ቦታ አንድ ነው፤ ደንበኛው ግን አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ወደ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ በሚያመራው ሰው ምክንያት መንገድ ዳር ያለች ቤት ታጓጓለች። አላፊ መንገደኛ ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ከፍሎ ይሄዳል፣ ዱቤም አይጠይቅም። ነገር ግን መንገዱ በተቋረጠ ጊዜ እሱም አብሮ ይቀራል፤ በዚህ አካባቢ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ስለዚህ 77ቱን ሲኒ የሚሞላው የከተማው ነዋሪ፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛውና ባለባጃጁ ይሁን። መንገደኛው የሚጠጣው ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ይሁን። በነዋሪው ብቻ 77 የማይሞላ ቦታ ከሆነ ቦታው አይደለም።

ሁለተኛው ረመዳን ነው። አብዛኛው ነዋሪ በሚጾምበት ወር ቀን ላይ ከሰል መለኮስ ትርጉም የለውም፤ ሥራው ከማፍጠሪያ በኋላ ይጀምራል። ሽያጩ በቀን ወደ 40 ሲኒ ቢወርድ የወሩ ጉድለት 8,640 ብር ነው። ይህ ድንገተኛ ኪሳራ አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። ስለዚህ ከሌሎቹ ወራት ትርፍ ይቀመጥለት። ረመዳን ሊገባ ሲል መክፈትም አይመከርም፤ ደካማዎቹ የመጀመሪያ ወራትና ጾሙ በአንድ ላይ ይመጣሉ። መልካሙ ነገር፣ 40ው ሲኒ ማታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢጠጣ በሰዓት 20 ይሆናል፤ 16ቱ በርጩማ ይበቁታል።

ስለዚህ እህትዎ የኪራይ ውሉን ከመፈረሟ በፊት ሦስት ቀን ትቁጠር፤ አንድ ተራ ቀን፣ አንድ የገበያ ቀንና ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ። የምትቆጥረው የሚያልፈውን ሰው አይደለም። በቅርብ ባሉት የጀበና ቡናዎች ተቀምጦ የሚጠጣውን ሰው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥና ሁለተኛ ሲኒ ያዝዝ እንደሆነ ትመዝግብ። በገበያ ቀን ብቻ ቆጥሮ ቤት መከራየት ቤተሰብን የሚያስለቅስ ስህተት ነው።

የቡና ዋጋ ሲጨምር

በዚህ እቅድ ውስጥ በጣም የሚንቀጠቀጠው ቁጥር የጥሬ ቡና ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በብር የሚያወጣው ዋጋ ከፍ አለ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የዓለም የአረቢካ ዋጋ ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጣ። ላኪው የሚከፍለው ዋጋ ሲጨምር የሰፈር ሱቁም ይከተላል።

በእኛ ስሌት ኪሎው ከ700 ወደ 900 ብር ቢገባ በሲኒ የሚቀረው ከ9 ወደ 7 ብር ይወርዳል። ገቢና ወጪ የሚተካከሉትም በቀን በ77 ሳይሆን በ99 ሲኒ ይሆናል። 100 ትሸጥ የነበረችው እህትዎ ምንም ሳታጠፋ ትርፏን አጣች። ሰው በዚህ ጊዜ ደንበኛ እንዳይሸሽ ፈርቶ ዋጋውን ሳይነካ ቡናውን ያሳሳል። የቀጠነ ቡና ግን ሁለተኛ ሲኒ አይታዘዝም።

ዋጋውን ወደ 25 ብር ብታወጣስ? አሁን በሲኒ 12 ብር ይቀራታል። ከአራት ደንበኛ አንዱ ቢቀርባትና 75 ሲኒ ብቻ ብትሸጥ እንኳ 75 ጊዜ 12 ብር 900 ብር ነው፤ ከዚህ በፊት 100 ሲኒ ሸጣ ታገኝ የነበረው ማለትም 100 ጊዜ 9 ብር፣ ያው 900 ብር። ይህን የምታውቅ ሰው ዋጋ ለመጨመር በፍርሃት አታመነታም። የሚያስፈራው ከ75 በታች ከወረደ ነው፤ እሱንም በሁለት ሳምንት ቆጠራ ታየዋለች።

የደብተሩ ፈተና

መጀመሪያ በቃልዎ የያዙትን ቁጥር አሁን ያውጡት። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 100 ሲኒ፣ በ20 ብር 2,000 ብር። እህትዎ አንድ ኪሎ በቆላች ቁጥር ቀኑን በደብተር ትጻፍ፤ ያ ኪሎ ሲያልቅ መሳቢያው ውስጥና ስልኳ ላይ የገባውን ትደምር። 2,000 አካባቢ ከሆነ ቤቱ ጤነኛ ነው። 1,700 ከሆነ 15 ሲኒ የት እንደጠፋ ትጠይቅ። ወይ ዱቤ ነው፣ ወይ ለዘመድና ለጎረቤት በነፃ የተቀዳ ነው፣ ወይ ቡናው ከልክ በላይ ተቆልቶ ክብደቱ አልቋል፣ ወይ በእጅ እየተዘገነ መጠኑ በዝቷል። ዱቤው በስም ይጻፍ፣ የነፃው ሲኒም ይቆጠር፣ ለመጠኑ አንድ ማንኪያ ይወሰን።

ጎረቤት «ነይ አንድ ሲኒ ቅጂልኝ» ሲላት እምቢ ማለት በአገራችን ከባድ ነው፤ እምቢ በይም አንላትም። በቀን አምስት የነፃ ሲኒ 55 ብር ወጪ ነው፤ በወር 1,430 ብር። አውቃ ትመድበው፤ ከሰጠችም በደስታ ትስጥ።

እንግዲህ ስልኩን መልሰው ሲደውሉ «ቤቱ ያምራል ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «በገበያም በተራም ቀን ቆጥረሻል? ነዋሪው ብቻውን 77 ይሞላል?» ይበሏት። ቁጥሩን ከነገረችዎት በኋላ 54,000 ብሩ ሳይነካ እንደሚቀመጥ ተስማምታችሁ ውሉን ትፈርም። ቁጥሩ ካልሞላ ደግሞ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሁን፤ 200,000 ብሩ ግን እጃችሁ ላይ አለ።